ራጁ ላይ ነጭ መስመር ታየ፤ የቫይታሚን ዲ መርፌ ይወጋ ወይስ ይቅር?

መነሻ ጽሑፍ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር የከፈተው የማክዳ አባት በሚል ስም የሚጽፍ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ልጁ 20 ወሯ ነው። ዘግይታ ነው የቆመችው። መራመድ ስትጀምር ደግሞ ጉልበቶቿ ተራርቀው እግሯ ተጣመመ። የእጅ አንጓዋም ከእኩዮቿ ወፈር ያለ ነው። ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ የእጅና የጉልበት ራጅ ተነሳች፣ ደሟ ተመረመረ፣ የልጆችን አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ነው ተባለ። በየቀኑ 3,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ በአፍ፣ ከሱ ጋር የካልሲየም ሽሮፕ ታዘዘላት።

መድኃኒቱን ከጀመረች ስድስት ሳምንት ሲሞላት ሁለተኛ ራጅ ተነሳች። ወረቀቱ ላይ፣ በአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ቀድሞ ያልነበረ ነጭ መስመር መታየቱ ተጽፏል። በዚህ በሽታ ደም ውስጥ ከፍ የሚለው አልካላይን ፎስፋቴዝ ደግሞ ከ1,340 ወደ 1,090 ብቻ ነው የወረደው። እግሯም እንደነበረ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠብታው ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ 300,000 ዩኒት መርፌ አንዴ ብትወጋ እንደሚገላግላት ነግሮታል። አባትየው ግራ ገብቶታል። መስመሩ ምንድን ነው? መርፌውስ ይወጋ?

ምላሾቹን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አይዞህና አሜን ብቻ ያሉትን ዘልያለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ አንዳንድ ቦታ ይዘላሉ።

ምላሽ 1

ሦስት ልጆች ያሳደገች እናት ናት። ልጆቿን ሁሉ ቅቤ ቀብታ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸው እንደነበርና የአንዳቸውም እግር እንዳልተጣመመ ጻፈች። ማክዳም እንዲሁ ብትሞቅ መድኃኒቱ ሁሉ ላያስፈልጋት እንደሚችል መከረች። ደግ ምክር ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። ሰዓቱንና መድኃኒት ማስቀረቱን ግን በኋላ የሚያርም መጣ።

ምላሽ 2

ይህኛው የገባው በጥርጣሬ ነው። የ13 ወር ፀሐይ በሚባል አገር ሪኬትስ ከየት መጣ ሲል ጠየቀ። ሕፃን ሁሉ እስከ ሁለት ዓመቱ እግሩ ጠመም ያለ እንደሆነ፣ የሱም ልጅ እንዲያ እንደነበረና በራሱ ጊዜ እንደተቃና ተረከ። በሱ እምነት ነገሩ የክሊኒኮች ገበያ ነው። ራጅ አንስተው፣ ደም ቀድተው፣ በሽታ ፈልገው ያገኛሉ።

ምላሽ 3

ሌላው የመርፌው ደጋፊ ነው። የእህቱ ልጅ አንድ መርፌ ተወግቶ በወሩ ድክ ድክ ማለት እንደጀመረ ጻፈ። ጠብታ የሚያዙ ሐኪሞች በየወሩ ለማመላለስ ነው የሚል ነገርም ጣል አደረገ። ካልሲየም አብሮ ይሰጥ አይሰጥ አላነሳም።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ የሕፃናት ሐኪም የሆነች ሴት ገባች። በመድረኩ ሰው ሁሉ ዶክተሯ ነው የሚላት። መጀመሪያ ልጅቷን ሳታይ እንደማታክም ተናገረች። ከዚያ የምላሽ 2ን ጸሐፊ በትሕትና አረመችው። ከሁለት ዓመት በታች እግር ጠመም ማለቱ የተለመደ መሆኑ እውነት ነው። እንዲያ ዓይነቱ ልጅ ግን አንጓው አይወፍርም፣ ራጁም የአጥንት ጫፍ መፍረክረክ አያሳይም፣ አልካላይን ፎስፋቴዙም ከሺህ አያልፍም።

ቀጥላ አባትየውን ጠየቀችው። የመጀመሪያው የደም ውጤት ሙሉውን ምን ይል ነበር? በተለይ ፎስፌትና ፓራታይሮይድ ሆርሞን ስንት ነበሩ? ልጅቷ ምን ትበላለች? ከቤት ትወጣለች ወይ? ብዙ ጊዜ ተቅማጥ አላት? በቤተሰብ ውስጥ አጭርና እግሩ የተጣመመ ሰው አለ?

ምላሽ 5

አባትየው በማግስቱ ሁሉንም ዘርዝሮ ተመለሰ። በመጀመሪያው ምርመራ ካልሲየም 8.4፣ ፎስፌት 2.7፣ የቫይታሚን ዲ መጠን 9፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን 210 ነበር። ኩላሊቷ ደህና ነው። ወረቀቱ ላይ ካልሲየሙ ትንሽ ዝቅ እንዳለ ምልክት ተደርጎበታል፤ ፎስፌቱ ግን ደህና ነው ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ካልሲየም 9.2፣ ፎስፌት 3.9 ሆኗል። ፓራታይሮይዱ ውድ ስለሆነ አልተደገመም።

ተቅማጥ የላትም፤ በቤተሰቡም እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱም ሥራ ስለሚውሉ ልጅቷን የምትይዛት ልጅ ቤት ውስጥ ነው የምታውላት። ፀሐይ ሲገባ መስኮቱ ሥር ታስቀምጣታለች፣ መስታወቱ ግን ተዘግቶ ነው። ውጭ ሲወጡ ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍባት ተሸፋፍና ነው። እስከ አንድ ዓመቷ ከጡት ሌላ እምብዛም አልቀመሰችም። አሁን አጥሚት፣ ፓስታ፣ ብስኩት በሻይ ትበላለች። የላም ወተት ትተፋዋለች።

ምላሽ 6

የዶክተሯ ረጅሙ ምላሽ ይህ ነው፤ የክሩም ልብ እሱ ነው።

የጀመረችው ከፎስፌቱ ነው። ላብራቶሪው ያተመው መለኪያ የአዋቂ እንደሆነ አሳየችው። ለአዋቂ 2.7 ደህና ነው። በማክዳ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን ከ3.8 በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ደህና ተብሎ የታለፈው ቁጥር የበሽታው ዋና ምልክት ነበር። በአልካላይን ፎስፋቴዙ ደግሞ ተቃራኒው ሊደርስ ይችላል። የሚያድግ ልጅ አጥንቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ከአዋቂው መለኪያ በላይ መውጣቱ የታወቀ ነው። እስከ 400 ገደማ ማንንም ማስደንገጥ የለበትም። 1,340 ግን በየትኛውም መለኪያ ብዙ ነው።

ከዚያ ቁጥሮቹን እርስ በርስ አያያዘቻቸው። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ከምግብ ካልሲየም መውሰድ ያቅተዋል። ሰውነት ደግሞ የደም ካልሲየም እንዲወርድ አይፈልግም፤ ልብና ነርቭ በሱ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ፓራታይሮይድ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ከአጥንት ይበደራል። ካልሲየሙ 8.4 ላይ የቆየው ለዚህ ነው። አጥንቱ እየተጎዳ ደሙ ደህና ይመስላል። ያው ሆርሞን ኩላሊትን ፎስፌት በሽንት እንዲያስወጣ ያደርገዋል። ፎስፌት ሲያልቅ ደግሞ በአጥንቱ ማደጊያ ላይ ያለው ልምአጥንት (የለጋ አጥንቱ ክፍል) መጠንከር ትቶ ይከመራል። ራጅ ላይ ጨረሩን ስለማያግድ እንደ ሰፊ ጥቁር ክፍተት ይታያል። የአጥንቱ ጫፍም ይሰፋል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ጠርዙ እንደ ተተለተለ ጨርቅ ይሆናል።

ነጭ መስመሩን ለማስረዳትም ይህንኑ ነው የተጠቀመችበት። ካልሲየምና ፎስፌት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠነክረው ከማደጊያው አጠገብ ያለው ቀጭን ክፍል ነው። ከሱ ኋላ፣ ወደ አጥንቱ ግንድ በኩል ያለው ገና ለስላሳ ነው። ስለዚህ መስመሩ ከአጥንቱ ተነጥሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። በሦስትና በአራት ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ክፍተቱም በቀጣዮቹ ሳምንታት ይሞላል። አባትየውን ያስደነገጠው መስመር ልጅቷ እየዳነች መሆኑን ነው የሚናገረው። ሊያስደነግጥ የሚገባው በሁለተኛው ራጅ ላይ ምንም ባይታይ ነበር።

በመጨረሻ ወደ መርፌው መጣች። ማክዳ በ42 ቀን ውስጥ በየቀኑ 3,000 ከወሰደች 126,000 ዩኒት ገደማ ውጣለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት፣ ጠብታ በየቀኑ መስጠት ለማይችሉ ከአንድ እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚፈቅደው የአንድ ጊዜ መጠን 150,000 ነው፤ እሱም በአፍ ይመረጣል። ከዚህ ላይ 300,000 መጨመር ምን ለማግኘት እንደሆነ አልገባትም። ምን ሊያደርስ እንደሚችል ግን ታውቃለች። ካልሲየም ከልክ በላይ ይወጣል፤ ልጅ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ኩላሊቱም ላይ ካልሲየም ሊጋገር ይችላል።

ምላሽ 7

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሰውዬ ስለ ራሱ ጉልበት ጻፈ። 52 ዓመቱ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ያመዋል፤ ሪኬትስ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። በሳምንት አንዴ 50,000 ዩኒት ኪኒን ታዞለት እየወሰደ እንደሆነ፣ ለማክዳም ግማሹን ከፍሎ ሊልክላት እንደሚችል አከለ። ቸርነቱ አይካድም። አራት ሰው ተረባርቦ ሪኬትስ የሚባለው አጥንታቸው ገና የሚያድግ ልጆች በሽታ መሆኑን፣ የሱን ኪኒን ደግሞ ለራሱ እንዲይዝ ነገረው። ክሩ ለጊዜው ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ደረጃ ሆነ።

ምላሽ 12

የራጅ ባለሙያ የሆነ ሰው መለሰን። ከዶክተሯ ጋር ይስማማል፤ ግን በወረቀት ብቻ መፍረድ አልወደደም። ሁለቱ ራጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው መነበብ ያለባቸው። በብዙ ቦታ ሁለተኛውን የሚያነበው ሰው የመጀመሪያውን አላየውም፤ ስለ ሕክምናውም አልተነገረውም። ስለዚህ መስመር አየሁ ብሎ ይጽፋል፣ መዳን ነው ብሎ ግን አይጽፍም። አባትየው ሁለቱንም ፊልም ይዞ እንዲሄድና በጥያቄ ወረቀቱ ላይ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን እንዲጻፍ መከረ።

የት መመልከት እንደሚገባም ነገረን። በእጅ አንጓ በኩል ቀድሞ የሚበላሸው በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ጫፍ ነው። ጉልበት ላይ ደግሞ የጭኑ የታችኛውና የቅልጥሙ የላይኛው ጫፍ ይታያል። ለአንጓው እስከ 4፣ ለጉልበቱ እስከ 6 ነጥብ የሚሰጥ፣ በድምሩ ከ10 የሚሞላ መመዘኛ አለ። አባትየው ሁለቱንም የማክዳ ራጆች በዚያ እንዲመዝኑለት ቢጠይቅ ይመርጣል። እግሯ ተቃና አልተቃና በራጅ መከታተል ግን ጨረር ማባከን ነው ባይ ነው። በዚህ ዶክተሯ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ መጣመሙ ከባድ ከሆነ አንዴ ቆማ የምትነሳው ራጅ ለአጥንት ሐኪሙ ይጠቅማል አለች። ሁለቱም በአቋማቸው ጸኑ።

ምላሽ 14

ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሲስተር ናት። አባትየውን የሽሮፑን ጠርሙስ አንብብልኝ አለችው። ያነበበላት 5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት እንደያዘ ነው። ማክዳ የምትወስደው ጠዋት 5፣ ማታ 5 ነው። አባትየው በቀን 500 ሚሊግራም እንደሚሰጣት እርግጠኛ ነበር፤ ሐኪሙም ያለው 500 ነው።

ሲስተሯ ሒሳቡን ሠራችለት። የታዘዘው 500 የሚቆጠረው ካልሲየሙ ብቻ ተወስዶ ነው። ካርቦኔት ውስጥ ካልሲየም የሆነው ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ ከያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር የሚገኘው 100፣ በቀን 200 ብቻ ነው። 500 ለመሙላት በቀን 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የጎደለው ከምግብ መምጣት አለበት። ወተት ብትቀበል ኖሮ 100 ሚሊ ሊትሩ 120 ገደማ ይሰጣት ነበር። እርጎም ይሆናል፤ ሲስተሯ ወተት የሚተፉ ልጆች እርጎ ሲወስዱ ብዙ አይታለች። መጠኑን ራሱ እንዳይቀይር፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ አሳሰበችው።

ከዚያ ለምን እንደምትጨነቅ ተረከች። በሠራችበት አንድ ቦታ የስምንት ወር ልጅ መርፌ ተወግቶ ያለ ካልሲየም ወደ ቤት ተላከ። ከቀናት በኋላ እየተንዘፈዘፈ መጣ። መጀመሪያ ማጅራት ገትር ተብሎ ከጀርባው ፈሳሽ ተቀዳ። ካልሲየሙ ሲለካ ነው ነገሩ የገባቸው። ለወራት የተራበው አጥንት ቫይታሚኑን ሲያገኝ ካልሲየሙን ከደም ውስጥ እየጎተተ ይወስዳል፤ የሚተካው ከሌለ ደሙ ባዶ ይቀራል። በደም ሥር ካልሲየም ግሉኮኔት፣ የልቡን ምት እያዳመጡ፣ በጣም በዝግታ ሰጡት። ልጁ ተረፈ። የምላሽ 3 ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ስለ መርፌ አልጻፈም።

ምላሽ 15

ተጠራጣሪው ግን ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ በጤፍ። ጤፍ ካልሲየም ሞልቶ ተርፎታል እየተባለ እንዴት የኢትዮጵያ ልጅ ካልሲየም ያንሰዋል? ወይ የጤፉ ወሬ ውሸት ነው፣ ወይ የሪኬትሱ። አነጋገሩ ሸካራ ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፤ እኔም አንብቤ አሰብኩበት።

ምላሽ 16

መልስ የሰጠው የሥነ ምግብ መምህር ነው። መጀመሪያ ማክዳ እንጀራ እንደማትበላ አስታወሰው፤ ምላሽ 5ን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ፓስታና ብስኩት መሆኑን ያይ ነበር። ለጥቆ ናይጄሪያን አነሳ። በጆስ ከተማ ሪኬትስ ያለባቸው 123 ልጆች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ፀሐይ የሚያጥራቸው ልጆች አይደሉም። በቀን ከምግብ የሚያገኙት ካልሲየም ግን 200 ሚሊግራም ገደማ ነበር። ቫይታሚን ዲ ብቻውን ከተሰጣቸው ይልቅ ካልሲየም ብቻውን ወይም ሁለቱንም ያገኙት በተሻለ ዳኑ። ከዚህ የተነሳ ፀሐይ ያለበት ቦታ ሪኬትስ የለም የሚለው ክርክር ከሥሩ ይወድቃል። የማክዳ ነገር ደግሞ የሁለቱም ድምር ይመስለዋል፤ ዲዋ 9 ነው፣ ምግቧም ካልሲየም የለውም።

ስለ ጤፉ ግን ጠንቀቅ አለ። ካልሲየም እንዳለው እውነት ነው። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይዞ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ምን ያህሉ ካልሲየም በእርግጥ የሕፃን ሆድ ውስጥ እንደሚቀር ግን ሁለቱ እስከ ምላሽ 20 ተከራከሩ፤ አልተግባቡም። መካከል ላይ አንዲት ሴት ገብታ ሠርገኛ ይሻላል ወይስ ማኛ ብላ ጠየቀች፤ ክሩ ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ። ስለ ዋጋው የተባለውን ታውቁታላችሁ።

ምላሽ 21

ዶክተሯ ሰዓቱን ለማረም ተመለሰች። ለምላሽ 1 እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ስለምትመጣ፣ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር በአየሩ ተውጦ እንደሚቀር ነገረቻት። ቀላሉ መለያ ጥላ ነው። ጥላሽ ከቁመትሽ ከረዘመ ብዙም አይሠራም። የተዘጋ መስኮት ደግሞ ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ያንን ጨረር አያሳልፍም፤ ማክዳ መስታወት ሥር የዋለችበት ጊዜ አይቆጠርም። ጥላው ሲያጥር ጥቂት ደቂቃ፣ እጅና እግር ተገልጦ፣ ይበቃል። አንዴ ሪኬትስ ከያዘ በኋላ ግን ፀሐይ ተጨማሪ ናት፤ ማከሚያው የሚለካው ጠብታና ካልሲየም ነው።

ምላሽ 22 እና 23

ስዊድን የምትኖር እናት እዚያ ሕፃናት ሁሉ ከአንድ ሳምንታቸው ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት የቫይታሚን ዲ ጠብታ በነፃ እንደሚያገኙ፣ በየቀኑ አምስት ጠብታ 400 ዩኒት እንደሚሆን ጻፈች። ወዲያው አንዱ ተናደደ። ውጭ ያላችሁ ሁሌ ውጭውን ነው የምታወሩት ሲል ወረፋት። እሷም ዝም አላለችም። አገር ቤትም ለሕፃን 400 ዩኒት ጠብታ መስጠት ውጭ አገር መሄድ የሚጠይቅ ነገር እንዳልሆነ መለሰችለት። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አረጋጋ።

የአምስቱ ጠብታ ነገር ግን አንድ ፋርማሲስት ቀሰቀሰ። ጠርሙስ ከጠርሙስ ይለያያል። አንዱ በአንድ ጠብታ 400 ይይዛል፣ ሌላው 400 የሚሞላው በአንድ ሙሉ ሚሊ ሊትር ነው። ዘመድ ከውጭ የላከላትን የመጀመሪያውን ዓይነት፣ በሁለተኛው ዓይነት መጠን በሚሊ ሊትር ስትሰጥ የነበረች እናት ገጥማዋለች። ሕፃኑ በየቀኑ ከ10,000 ዩኒት በላይ ይወስድ ነበር። ያወቁት ማስመለሱና ድርቀቱ አልቆም ሲል ነው። ማክዳ 3,000ውን በስንት ጠብታ እንደምትወስድ ጠየቀ። አባትየው ቆጥሮ መለሰ፤ ልክ ነበር።

ምላሽ 25

አንድ የጤና መኮንን እ.ኤ.አ. የ1997ቱን የአዲስ አበባ ጥናት አነሳ። ሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ 500 ልጆችና ያልያዛቸው 500 ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ 210፣ ከሁለተኞቹ 20 ሪኬትስ ነበረባቸው። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት በደንብ አይነፋም፤ ጡንቻም ይደክማል። ስለዚህ ማክዳ ሳል ከያዛት ቶሎ እንድትታይ መከረ። ተጠራጣሪያችን ወዲያው 42 ከመቶ የኢትዮጵያ ልጅ ሪኬትስ አለበት ማለት ነው ወይ ብሎ ቀለደ። መኮንኑም ስለ ታመሙና ሆስፒታል ስለ መጡ ልጆች እንጂ ስለ አገር ሕፃን ሁሉ እንዳልጻፈ መለሰለት፤ ቁጥር ከማንበብህ በፊት የማን ቁጥር እንደሆነ አንብብ የሚል ነገርም አስከተለ። ደረቅ ነው፣ ግን ይገባዋል።

ምላሽ 28

እኔን ያቆመኝ ይህ ነው። የአንዲት እናት ልጅ ሪኬትስ ተብሎ ሁለት ጊዜ ወፍራም መርፌ ተወግቷል። እግሩ አልተቃናም፤ ራጁም ላይ መስመር አልታየም። ሰው ሁሉ ፀሐይ አታሞቂውም እያለ ይወቅሳት ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ፓራታይሮይድ ሆርሞን አዘዘ። ደህና ሆኖ ተገኘ። የቫይታሚን ዲ መጠኑም ደህና፣ ካልሲየሙም ደህና፤ ዝቅ ያለው ፎስፌቱ ብቻ ነው። በዘር የሚመጣ፣ ኩላሊት ፎስፌት የሚያፈስበት ሌላ በሽታ ነበር። ሕክምናውም ሌላ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ አጭር ሰው ይኑር አይኑር ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ዶክተሯ ለዚህ ነው ያን ሁሉ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስትል ጻፈች። የማክዳ 210 መሆኑ ነው ያረጋጋት። ፓራታይሮይዱ ከፍ ካለ ጉዳዩ ከካልሲየምና ከቫይታሚን ዲ ጋር ነው። ፎስፌቱ ዝቅ ብሎ ፓራታይሮይዱ ካልተነሳ ግን መርፌ መደጋገም ኩላሊት ከመጉዳት ሌላ የሚፈይደው የለም። ከዚህ በኋላ ስለ ምርመራው ዋጋ ረጅም ምሬት ተጻፈ። ላብራቶሪው የሌለበት ከተማ የሚሠራ አንድ ሐኪም ምን ላድርግ ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ፣ ጠብታና ካልሲየም ጀምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ፎስፌትና ራጅ ማየት፣ ካልተንቀሳቀሱ ወደ ላይ መላክ የሚል ነው። ርቀቱንና የትራንስፖርቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 31

አባትየው ሕክምናው ሦስት ወር ሲሞላው ተመለሰ። ሐኪሙ ጠርሙሱን አይቶ ሽሮፑን አስተካክሎለታል፤ እርጎም ወዳለች። አልካላይን ፎስፋቴዝ 520፣ ፎስፌት 4.6፣ የቫይታሚን ዲ መጠን 31 ገብቷል። አሁን ፓራታይሮይዱም ተለካ፤ 58 ነው። ሁለቱ ራጆች ከሦስተኛው ጋር አብረው ተነበቡ፤ ክፍተቱ ሞልቶ መስመሩ ከግንዱ ጋር ገጥሟል። ጠብታው በቀን ወደ 600 ዩኒት ዝቅ ተደረገ። መርፌው አልተወጋም።

እግሯ ግን ገና ነው። ቁርጭምጭሚቷን ገጥማ ስትቆም በጉልበቶቿ መካከል 6 ሳንቲሜትር የነበረው 4 ሆኗል። አንድ ዘመድ ብረት ጫማ ይታሰርላት እያለ ነው። ዶክተሯ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው በአንድ፣ በሁለት ዓመት እድገት እንደሚቃና፣ በየሦስት ወሩ በሜትር መለካት እንደሚበቃ፣ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እንኳ አጥንቱ ሳይጠነክር እንደማይታሰብ ነገረችው። ስለ ብረት ጫማው የራጅ ባለሙያው እንደማይጠቅም እርግጠኛ ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ የወንድሙን ልጅ ረድቶታል ብሎ ተከራከረ። አሁንም እየተከራከሩ ነው።

ምላሽ 34

የመጨረሻው የአባትየው ጥያቄ ነው። ባለቤቱ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ እሷም ቢሮ ነው የምትውለው። ዶክተሯ በእርግዝና በቀን 600 ዩኒት፣ ለሚወለደው ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ 400 ዩኒት ጠብታ እስከ አንድ ዓመቱ፣ ከስድስት ወሩ በኋላም ካልሲየም ያለው ምግብ እንዲጀምር መለሰች። የእናት ጡት ወተት ለአብዛኛው ነገር ቢበቃም የያዘው ቫይታሚን ዲ በጣም ጥቂት ነው። የባለቤቱን መጠን ቀድሞ ማስለካት ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቋት ነበር። ሳትለካ መጀመር እንደምትችል፣ የምርመራውን ብር ለእርጎው ቢያውለው እንደምትመርጥ ጻፈችለት።